ላስቲክ የሌለው ላስቲክ

የበደለችኝ የሹራብ ሠሪ ሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር ናት። የበደለችኝም አምና በታኅሣሥ፣ ደብረ ሲና ላይ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ አምስት የኮሚቴ ሰዎችና አራት የማኅበራችን ሴቶች እያዩ ነው። ስሟን አልጽፍም። ብጽፈው ተጻፈልኝ ብላ ትኮራበታለች።

ስለ ራሴም ብዙ አልናገርም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሴት ልጆችን የእጅ ሥራ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባል ነበረኝ፤ ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግም። ከጡረታ በኋላ ያለኝን ሙያ ይዤ ማኅበሩ ገባሁ። የገባሁት ተለምኜ ነው፤ ለምና ያስገባችኝም እሷው ነበረች። ይህ ይመዝገብልኝ።

ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራብ የለበሰ ሰው ካያችሁ ታሟል ማለት ነው። እኛ ግን አሥራ ሁለት ሴቶች ከወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቁጭ ብለን ሹራብ እንሠራለን። አላፊ አግዳሚው በር ላይ ቆም እያለ፣ «እናንተ ሴቶች፣ ማንን ልትገድሉ ነው?» ይለናል። ሥራው ከማለዳ እስከ አራት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ጣት ያልበዋል፤ ክሩ በሹራብ መሥሪያው ሽቦ ላይ አልንሸራተት ይላል፤ በላብ እጅ የተሠራ ሹራብ ደግሞ ጠብቆ ጠብቆ ሰሌን ይመስላል። የሠራነውን ይዘን ዳገቱን ወጥተን ደብረ ሲና እንሸጣለን። ጉሙ ገደሉን ሞልቶ ሲወጣ የሚንቀጠቀጥ ሕዝብ እዚያ አለ።

በክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ የእኔ ነገር ተሰቅሎ ነበር። ሴቶቹ «የእትዬ መቀነት» ይሉታል። ስንዝር ስንዝር እያልኩ፣ በእያንዳንዱ ስንዝር የተለየ አሠራር እየሠራሁ ያስረዘምኩት፣ ከጣራ እስከ ወለል የሚደርስ ጠባብ ሹራብ ነው። አዲስ የገባች ሴት መጀመሪያ የምትማረው ከሱ ነበር። «ዓይንሽን ጨፍኚና በጣትሽ ንገሪኝ» እላታለሁ። በጣቷ የለየች ሴት ሽቦ ይሰጣታል፤ ያልለየች ሌላ ሳምንት ትዳስሳለች።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ሹራብ ሁሉ የሚሠራው ከሁለት ነገር ነው። የክሩ ቀለበት ወደ አንቺ ለስልሶ ሲወርድ ፊት እንለዋለን፤ ጉብ ብሎ ሲቀር ጀርባ። አንዱን ረድፍ ፊት፣ ተመላሹን ረድፍ ጀርባ ከሠራሽ፣ አንድ ገጹ ልሙጥ፣ ሌላው ገጹ ጉብጉብ ያለ ሹራብ ይወጣል። እሱ ሜዳው ነው። ጥፋቱ ጠርዙ መጠቅለሉ ነው፤ ካላሰርሽው እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላል።

ሄደሽም ተመልሰሽም ፊት ብቻ ከሠራሽ ግን በወርዱ የተጋደመ ጉብታና ስርጉድ ይወጣል። ከቀወት ገጠር የመጡት ሴቶች ገና ሲያዩት «ትልም» አሉት፤ የሽንኩርት ማሳ መስሏቸው። ስሙ ጸና። ትልም ከሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ ፊቱም ጀርባውም አያታልልም፤ ጠርዙ አይጠቀለልም፤ ሲዳሰስ ወፈር ይላል፤ ወደ ታች ግን ይለጠጣል። ለአንገት ልብስ ይሆናል። ለከባድ ሹራብ አይሆንም፤ በራሱ ክብደት እየወረደ ጉልበት ላይ ይደርሳል።

በአንዱ ረድፍ ውስጥ ሁለት ፊት፣ ሁለት ጀርባ፣ ሁለት ፊት፣ ሁለት ጀርባ እያልሽ፣ በሚቀጥለውም ረድፍ ፊቱን ከፊቱ በላይ፣ ጀርባውን ከጀርባው በላይ ካቆምሽ ደግሞ፣ ቁልቁል የሚወርድ ሸንተረር ይወጣል። ጀርባዎቹ ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ፤ ፊቶቹ ይጠጋጋሉ። ስትስቢው በወርዱ ይከፈታል፤ ስትለቂው ተመልሶ ይሰበሰባል። አንገት፣ እጅጌ ጫፍና ወገብ የሚሠራው በዚህ ነው። አገር ሁሉ ይህን አሠራር «ላስቲክ» ይለዋል። እኔም ላስቲክ እለዋለሁ። ጎማ ግን የለበትም። አንዲት ክር ጎማ የለበትም። የሚሰበስበው አሠራሩ ነው።

ይህን ልብ በሉልኝ። የመጣው ሁሉ የመጣው በዚህች ቃል ነው።

ጉንጉን ማለት እንደ ሹሩባ ነው። ስድስት ቀለበት ትይዣለሽ፤ ሦስቱን በትርፍ ሽቦ ወደ ፊት ታቆዪና የኋለኞቹን ሦስቱን ቀድመሽ ትሠሪያለሽ፤ ከዚያ የቆዩትን። ተሻገሩ ማለት ነው። በየስምንት ረድፉ እንዲህ ካሻገርሽ ገመድ ይሆናል። ግራና ቀኙን ሁለት ሁለት ጀርባ ካላደረግሽለት ግን አይታይም፤ ሜዳ ውስጥ ይሰምጣል። ጉንጉን ክር ይበላል፣ ሹራቡንም ይስባል፤ ስለዚህ ገና ስትጀምሪ ቀለበት ትጨምሪለታለሽ። ይህን የረሳች ሴት ለአባት የጀመረችው ሹራብ ለልጅ ይሆንባታል።

ጃካርድ የሚባለው የቀለም ነገር ነው። በአንድ ረድፍ ውስጥ ሁለት ቀለም ይዘሽ፣ አንዱን ስትሠሪ ሌላው በውስጥ በኩል እየተሻገረ ይከተልሻል። በውጭ ያለው ገጽ ልሙጥ ሆኖ ጥለት ይወጣበታል። በውስጥ ግን የተንጋደደ ክር ነው። ይሞቃል፤ እጥፍ ነውና። ብዙ አይለጠጥም። የውስጡን ክር ከአምስት ቀለበት በላይ ሳታስሪ ካሻገርሽ ጣት ይይዛል። ለአንዲት ከሌላ አገር ተመድባ ለመጣች ነርስ አንድ ጊዜ የሕፃን ሹራብ በጃካርድ ሠርቼላት፣ የልጁ አውራ ጣት እጅጌው ውስጥ በክር ተጠምዶ ጩኸቱ ጤና ጣቢያውን አናወጠው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እኔ ጥፋቴን እናገራለሁ። ከዚያ ወዲህ በየሦስቱ ቀለበት አስራለሁ።

ሊቀመንበራችን ከእነዚህ አንዱንም በጣቷ መለየት አትችልም ነበር። መቀነቱን ዳስሳ አታውቅም። ማኅበሩ ሳይመሠረት በፊት መዝገብ ቤት ትሠራ ነበርና የምትወደው ማኅተም ነው። ማኅተሙን በመሀረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትይዘዋለች፤ በስብሰባ ላይ አውጥታ እፍ እፍ ትልበታለች። ሽቦ ስትይዝ ያየኋት ፎቶ ስትነሣ ብቻ ነው፤ እሱንም ገልብጣ ነው የያዘችው።

በመስከረም የደብረ ሲናው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ባዛር ላይ የእኔን ናሙና አይተው ወደዱት። ለአንደኛ ክፍል ልጆች የሚሆን ሹራብ ነበር፤ ሜዳው ልሙጥ፣ ደረቱ መሃል አንድ ወፍራም ጉንጉን፣ አንገቱ፣ እጅጌውና ወገቡ ላስቲክ። «ይህንኑ ስልሳ ሥሩልን» አሉ። «የዕቃ መግለጫ ጽፋችሁ፣ ናሙናውን አያይዛችሁ ላኩ።» ማኅበራችን እንደዚያ ያለ ሥራ አግኝቶ አያውቅም። ከያዝነው በየዓመቱ የእኛ ነው፤ ካበላሸነው ዳገቱን ወጥተን የምንሸጥበት ፊት የለንም።

መግለጫውን እኔ ጻፍኩት። በአንድ ገጽ፣ በእጄ። ከአንገት ጀምሬ ቁልቁል ወረድኩ። አንገት፦ ሁለት ፊት ሁለት ጀርባ፣ ስምንት ረድፍ፣ ጎማ የሌለው። ደረት፦ ባለ ስድስት ቀለበት ጉንጉን፣ በየስምንት ረድፉ የሚሻገር፣ ግራና ቀኙ ሁለት ጀርባ፣ ቀለሙ አንድ። እንዲህ እያልኩ። ያየ ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

ሊቀመንበራችን ቆማ አነበበችው። ከዚያ ለሴቶቹ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸውና ሳቀች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ መግለጫ አይደለም። ሁለት ፊት ሁለት ጀርባ! ሰዎቹ ሰው እያማን ነው የሚመስላቸው።»

«ስለ ሰው ቢሆንማ አንድ ገጽ አይበቃኝም ነበር» አልኳት።

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዷ፣ ከቀወት የመጣችው ቀጭኗ፣ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሊቀመንበሯ ወረቀቴን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ማኅተሙ አጠገብ ከተተችው። «ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ያለው ባለሙያ ወግ ባለው ቋንቋ ይጽፈዋል» አለች። «እርስዎ አይድከሙ።»

አይድከሙ የሚለውን ቃል እሷ ስትለው ከናቀችው ሰው ጋር እንደምትነጋገር ያስታውቅባታል። አልተከራከርኩም። ያኔ ባለመከራከሬ አሁንም በራሴ እናደዳለሁ።

ባለሙያው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ፤ መግለጫን ስፔስፊኬሽን ብሎ ሲጠራ ከንፈሩን የሚያሞጠሙጥ። የሆነውን ኋላ ላይ እዚያው ተቀምጣ ከነበረች ከአንዲት የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሰማሁ። ባለሙያው፣ «ላስቲክ ስትሉ ምን ዓይነት ላስቲክ ነው?» ብሎ ሊቀመንበራችንን ጠየቃት። እሱ በመጠየቁ አይፈረድበትም፤ ሹራብ ሠሪ አይደለም። እሷ ግን የሹራብ ሠሪዎች ሊቀመንበር ናት። «ላስቲክ ነዋ! ጥሩ ላስቲክ» አለችው። ደረቱ ላይ ያለውስ? «ጥለት ነገር ነው፤ ያበጠ።» እሱም ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ፣ ጥለት ያለው ሹራብ ጃካርድ እንደሚባል አገኘ። ቃሉ ለሁለቱም ጣፈጣቸው። የእኔ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከክርኗ ሥር ነበር። አላወጣችውም።

ናሙናውም አልተያያዘም። ባለሙያው «የልጄ ልክ ነው» ስላለ እጅ መንሻ አድርጋ ሰጠችው። አሁን ደብረ ብርሃን ያለች አንዲት ሕፃን ለብሳው ትሄዳለች። ይሙቃት፤ እሷ ምን አደረገች።

እኛ ይህን ሁሉ አናውቅም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስልሳውን ሹራብ ሠራን። እያንዳንዱን እኔ አየሁት። ጉንጉኑ ወደ ተሳሳተ ጎን የተሻገረበትን አምስት ሹራብ አስፈታሁ፤ ሴቶቹ በሆዳቸው ሰደቡኝ። አንዷ፣ «እትዬ፣ ልጆቹ እኮ ወደ ግራ ይሻገር ወደ ቀኝ አያውቁም» አለችኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት። ፈታችው።

በታኅሣሥ በማዳበሪያ ከረጢት አሽገን፣ ሊቀመንበሯ፣ እኔና አራት ሴቶች በሚኒባስ ወጣን። ደብረ ሲና ስንወርድ ብርዱ በነጠላ አልመለስ አለ። ስልሳ ሹራብ ተሸክመን ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ትምህርት ቤቱ ደረስን። ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ለራሱ ሹራብ የለውም።

ሹራቡን የወደዱት ርዕሰ መምህር ተዛውረዋል። በቦታቸው ያገኘነው አዲስ ሰው ነው። አምስት ሰው ያለበት ተረካቢ ኮሚቴ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከፊታቸው በማኅተም ያበደ ባለሁለት ገጽ ወረቀት አለ። ስለ ሹራቡ የሚያውቁት ወረቀቱ የሚለውን ብቻ ነው።

አንድ መነጽር ያደረጉ የሒሳብ መምህር የመጀመሪያውን ሹራብ አነሡ። እጅጌውን ሳቡት፤ ለቀቁት። ገለበጡት። ውስጡን በጣታቸው ፈለጉ።

«ላስቲኩ የት አለ?» አሉ።

«እጅዎ ላይ ነው» አልኳቸው።

«የታለ?»

«የያዙት።»

ወረቀቱን አንሥተው አነበቡልኝ። «የእጅጌ፣ የአንገትና የወገብ ጫፍ፤ ጥራት ያለው የጎማ ላስቲክ የተሰፋበት።» ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ወደ ሊቀመንበሯ ዞርኩ። እሷ ጣራውን እያየች ነበር።

እጅጌውን ከመምህሩ ተቀበልኩና በወርዱ ሳብኩት፤ መዳፌን ሞላ። ለቀቅኩት፤ ተሰበሰበ። «ይሄ ነው ላስቲክ የምንለው» አልኩ። «ሁለት ፊት፣ ሁለት ጀርባ። በአሠራሩ ነው የሚሰበሰበው። ጎማ ቢጨመርበት ይበላሻል።»

መምህሩ ሦስት ጊዜ ሳቡና ለቀቁት። ገብቷቸዋል፤ ከፊታቸው አየሁ። «ቆንጆ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ርዕሰ መምህሩ ግን፣ «እማማ፣ እኔ የምረከበው በወረቀቱ ነው። ኦዲተር ሲመጣ ሹራቡን አይስብም፤ ወረቀቱን ነው የሚያነበው» አሉ። ደግሞ ጨመሩ፤ «ጃካርዱስ? ወረቀቱ ደረቱ ጃካርድ ነው ይላል። እኛም መልስ ስንጽፍ ጃካርዱ በትምህርት ቤቱ ሁለት ቀለም ይሁን ብለናል። ይህ አንድ ቀለም ነው።»

«ይህ ጉንጉን ነው» አልኩ። «ጃካርድ ሌላ ነው። ጃካርድ ልሙጥ ነው። ይሄን ይዳስሱት፤ ያብጣል።»

መልሳቸው የተባለውን ደብዳቤም እኔ አላየሁትም። እሱም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

በዚህ ጊዜ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች። ያለችውን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ።

«የተከበራችሁ ኮሚቴዎች፣ ጥፋቱ የማኅበሩ አይደለም። ሥራውን የሚቆጣጠሩት እትዬ ናቸው። መግለጫውን በቃል ነግረናቸዋል። እንግዲህ ዕድሜ ነው፤ ዓይናቸውም ደክሟል፤ የለመዱትን ነው የሚያሠሩት። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሥራ እናሳርፋቸዋለን።»

ደክሟል ያለችው ዓይን ከስልሳ ሹራብ ውስጥ የተገላበጠ ጉንጉን ለቅሞ ያወጣ ዓይን ነው። አራቱን ሴቶች አየኋቸው። ሁሉም ወለሉን ያያሉ። ያኔ በመልሴ ትከሻዋ የሳቀው ቀጭኗ ሴትም ወለሉን ታያለች። እኔ ያስተማርኳቸው ናቸው። የወረቀቴ ግልባጭ ሸዋ ሮቢት፣ ቤቴ፣ ደብተሬ ውስጥ ነበር። እዚያ ግን ባዶ እጄን ነበርኩ። ከረጢቱ ላይ ያኖርኩትን ነጠላዬን አነሣሁና ወጣሁ። ወደ ቆላ በሚወርድ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ፣ ከነሱ በፊት ቤቴ ገባሁ።

ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ያላየ አያምንም። ሹራቦቹን መልሳ ሸዋ ሮቢት አመጣቻቸውና ለአንድ ልብስ ሰፊ ሰጠቻቸው። ልብስ ሰፊው የጎማ ላስቲክ በየእጅጌው ጫፍ ውስጥ አስገብቶ በመኪና ሰፋበት። ደረቱ ላይ ደግሞ፣ ጉንጉኑ ላይ፣ ባለሁለት ቀለም ጥብጣብ አጋድሞ ሰፋበት። ጃካርድ መሆኑ ነው። ጉንጉኑ ከሥር አብጦ፣ ጥብጣቡ ከላይ ተወጥሮ፣ ልጁ ከደረቱ እንጎቻ የደበቀ ይመስላል። ኮሚቴው ወረቀቱን አየ፤ ላስቲክ አለ፣ ሁለት ቀለም አለ፤ ተረከበ። እሷም ማኅተሟን መታች።

ሹራብ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ የመኪና ስፌት አይለጠጥም፤ ሹራብ ይለጠጣል። ልጁ እጁን ሲያስገባ ስፌቱ ጧ ብሎ ይበጠሳል፤ ካልተበጠሰም እጁ አይገባም። ጎማው የልጁን አንጓ ያስራል፤ ቀይ መስመር ያወጣል። ሲታጠብ ጥብጣቡ ሲሰበሰብ ሹራቡ አይሰበሰብም፤ ደረቱ ይጨማደዳል። ሁሉም ሆነ። በየካቲት የልጆቹ እናቶች ሹራቡን ይዘው ትምህርት ቤቱን ሞሉት። ርዕሰ መምህሩ ሹራቦቹን ሰብስበው መለሱና ደወሉ፤ በሁለት ሳምንት ካልተስተካከለ ማኅበሩ ደብረ ሲና ላይ ስሙ እንደማይነሣ ተናገሩ።

እሷ ቤቴ መጣች። ሁለት ሴቶች አስከትላለች። አንድ ኪሎ ሙዝ ይዛለች። ሙዝ በየጓሮው በሚበቅልበት ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ለእኔ፣ ሙዝ።

«እትዬ፣ እንደ እናት ነው የማይዎት» አለች።

«እናትሽን ኮሚቴ ፊት ነው የምታሳርፊያት?»

«ያኔ ተደናግጬ ነው። አሁን ነገሩ የእኔ አይደለም፣ የሴቶቹ ነው። ይፍረዱ።»

እዚህ ላይ እውነት ተናገረች፤ የሴቶቹ ነበር። ሥራው ከተበላሸ አሥራ አንዱ ሴቶች ዳገቱን የሚወጡበት ምክንያት አይኖራቸውም። ይህን አስቤ ነው እሺ ያልኩት። ግን አንድ ነገር ጠየቅኳት።

«ነገ ጠዋት ሴቶቹ ሁሉ ይሰብሰቡ። አንዱን ሹራብ ያዢና ከአንገቱ እስከ ወገቡ፣ ምን ምን እንደሆነ በቃልሽ ንገሪያቸው። በትክክል ከነገርሻቸው ስልሳውን እሠራልሻለሁ፤ ሊቀመንበሬ ነሽ እላለሁ። ካልነገርሻቸው ለሴቶቹ ብዬ እሠራዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አንቺ ባለሽበት አልቀመጥም።»

«ይሄ ፈተና ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። «የአንደኛ ክፍል ሹራብ!»

በማግስቱ ሁሉም መጡ። ሹራቡን ሰጠኋት። አንገቱን ያዘች።

«ይሄ ላስቲክ ነው» አለች።

«ምን ማለት ነው ላስቲክ?»

«የሚሳበው።»

«ለምን ይሳባል?»

አንገቱን ሳብ ለቀቅ አደረገች። መቀነቱ ግድግዳው ላይ፣ ከአፍንጫዋ ፊት ተሰቅሏል። ቀና ብላ ብታየው ይበቃ ነበር። ደረቱ ላይ ደረሰች። ጥብጣቡን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ከሥሩ ያለውን ገመድ ነካችና፣ «ጃካርድ» አለች።

ቀጭኗ ሴት ፈነዳች። ከሷ ሌላዋ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ከወፍጮ ቤት የነበረው ሰውዬ ሳይቀር፣ ምን ሆናችሁ ብሎ በዱቄት ነጥቶ በር ላይ ብቅ አለ። እኔ አልሳቅሁም። እንዲህ ያለ ነገር አያስቀኝም።

«ሁለት ፊት ሁለት ጀርባ» አለች ቀጭኗ ሴት፣ ዓይኗን እየጠረገች፣ ለሊቀመንበሯ። «እኛ እኮ እሱን ነው ላስቲክ የምንለው፤ ጎማ ማን አለሽ?»

አሁን አልሽ፤ በታኅሣሥ ግን ወለሉን ስትመለከቺ ነበር። ይህን በሆዴ አልኩ።

ሥራው አሥር ቀን ወሰደ። የልብስ ሰፊውን ስፌት በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታን፤ ጎማውን አወጣን፤ ጥብጣቡን አነሣን። መርፌው የቆረጠውን ቀለበት በትርፍ ክር ይዤ በእጄ አያያዝኩ። ስፌቱ በጣም የጎዳቸውን እጅጌዎች ጫፋቸውን ፈትተን ቀለበቶቹን ሽቦ ላይ መልሰን እንደገና ሠራን። ከዚያ ስልሳውን ሹራብ ይዤ፣ ደብተሬን ጨምሬ፣ ብቻዬን ደብረ ሲና ወጣሁ። ርዕሰ መምህሩ ሹራቡን ገለባብጠው አዩ። የሒሳብ መምህሩ እጅጌውን ሳቡና ለቀቁት፤ ፈገግ አሉ። በእጅ የጻፍኩትን መግለጫ፣ ጎማ የሌለው የሚለው ቃል እንዳለ፣ በፊተኛው ወረቀት ምትክ መዝገባቸው ውስጥ አስገቡት። ፈረምኩ፤ ፈረሙ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሴቶቹ ሳይመጡ፣ ክፍሉን በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። መቀነቱን ከግድግዳው አወረድኩ፤ ጠቀለልኩ፤ ቁልፉን ከበሩ ሥር አስገብቼ ወጣሁ። መቀነቱ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ለማንም አላሳይም። ለዘንድሮ ልጆች የሚሆነውን ሹራብ ትምህርት ቤቱ ለእኔ ሰጠኝ። ከማኅበሩ ሴቶች ሦስቱን ጠራሁ። ቀጭኗን አልጠራሁም። ሊቀመንበሯን አልጠራሁም።